የለቀቀ ተከራይ ለሚገባው ተከራይ ስለሚሰጠው ምስክርነት

የሚከራይ ቤት የሚፈልግ ሰው ቤቱን የሚያየው ለሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ የሚኖርበት ግን ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚታየው የግድግዳው ቀለምና የበሩ ቁልፍ ነው እንጂ፤ ጣራው በሐምሌ ማፍሰሱ፤ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን መምጣቱ፤ የመብራቱ ሒሳብ በምን ዓይነት መከፈሉ አይታይም። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው የቤቱ ባለቤት ነው፤ እርሱም ቤቱን ለማከራየት ስለሚፈልግ ጉድለቱን አስቀድሞ አይናገርም። ሁለተኛው በቤቱ ኖሮ የለቀቀው ተከራይ ነው። ስለዚህ ቤት ፈላጊው ወደ ለቀቀው ተከራይ ሄዶ መጠየቁ ደግ ነገር ነው።

ነገር ግን የለቀቀው ተከራይ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። ከባለቤቱ ጋራ ተጣልቶ ወጥቶ እንደ ሆነ «ክፉ ሰው ናቸው፤ እዚያ ቤት አትግባ» ይላል። በሰላም ወጥቶ እንደ ሆነ «ደግ ሰው ናቸው፤ ቤቱም ምንም አይል» ይላል። ሁለቱም ለጠያቂው አይጠቅሙትም። በፊተኛው ቃል የባለቤቱ ስም ይጎዳል፤ ጠያቂው ግን ጣራው ያፍስስ አያፍስስ አላወቀም። በኋለኛውም ቃል ባለቤቱ ይመሰገናል፤ ጠያቂው ግን ለመብራት በወር ስንት ብር እንደሚያዘጋጅ አላወቀም። በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረው ይህ ምስክርነት እንዴት ቢሰጥ ለሚገባው ሰው እንደሚጠቅምና ባለቤቱንም ያለ አግባብ እንደማይጎዳ ነው። ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ እኔ ራሴ ስለ ኖርሁበት አንድ ቤት የሰጠሁትን ምስክርነት አቀርባለሁ።

ቤቱ የሚገኘው በድሬዳዋ ከተማ ታይዋን በተባለው ሰፈር ነው። ታይዋን ከውጭ አገር በሚመጣ ልብስና በኤሌክትሪክ ዕቃ ንግድ የታወቀ የገበያ ሰፈር ነው። በዚህ ቤት ከመስከረም 2015 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. ድረስ 34 ወር ኖሬአለሁ። ለመልቀቅ በተነሣሁ ጊዜ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ከባለቤቱና ከአንዲት ሕፃን ልጁ ጋራ ሊገባበት አስቦ መጣና «ጋሼ፤ ቤቱን እንዴት አገኙት? ሰውየውስ እንዴት ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በቃል ከመመለስ ይልቅ ሦስት ቀን እንዲታገሠኝ ለምኜ በጽሑፍ ሰጠሁት። በቃል የተነገረ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይጨመርበታል፤ ይቀነስበታልም። የአፍ ወለምታም በቅቤ አይታሽም።

ከመጻፌ በፊት የማውቀውን ነገር ሁሉ በሦስት ክፍል ለየሁት። የመጀመሪያው ክፍል በዓይኔ ያየሁት፤ በእጄ የከፈልሁት፤ በጽሑፍ የያዝሁት ነው። ሁለተኛው ክፍል ከጎረቤት የሰማሁት ነው። ሦስተኛው ክፍል ስለ ባለቤቱ ጠባይ በልቤ ያደረው አሳብ ነው። ምስክርነቱን የጻፍሁት ከመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። በፍርድ ቤት ምስክር ቆሞ ሲናገር ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው «አይተሃልን? ወይስ ሰምተሃል?» ብሎ ነው። የተከራይም ምስክርነት በዚሁ ጥያቄ መመዘን ይገባዋል። ለምሳሌ ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ በጠብ እንደ ወጣ ሰምቼ ነበር፤ የጠቡን ምክንያት ግን አላየሁምና አልጻፍሁትም። እንዲሁም የባለቤቱን ሃይማኖት፤ የዘር ሐረጋቸውንና የቤተ ሰባቸውን ጉዳይ አላነሣሁም፤ ለሚገባው ሰው ኑሮ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለምና።

የጻፍሁት ቃል እንዲህ ይላል።

«1ኛ፤ ስለ ቤቱ። ቤቱ በግቢው ውስጥ በስተኋላ በኩል ካሉት ሦስት የኪራይ ቤቶች የመካከለኛው ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ የፊተኛው በአራት ሜትር አራት ሜትር፤ የመኝታው በሦስት ሜትር አራት ሜትር ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው። የፊተኛው ክፍል ኮርኒስ አለው፤ የመኝታው ክፍል ግን የለውም። የመኝታው መስኮት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከጎረቤት ግድግዳ ጋራ ፊት ለፊት ስለ ሆነና በመካከሉ ያለው አንድ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ነፋስ አያስገባም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በ9 ሰዓት በቴርሞሜትር ብለካው በረንዳው ጥላ ሥር 35፤ የፊተኛው ክፍል 34፤ የመኝታው ክፍል 38 ዲግሪ ሆነ። ማታ በ4 ሰዓት የመኝታው ክፍል ገና 31 ነበረ። ስለዚህ በሙቀቱ ወራት የምንተኛው በፊተኛው ክፍል ነበር። ሕፃን ልጅ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

2ኛ፤ ስለ ጣራው። በሐምሌ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በመኝታው ክፍል በምሥራቅ ማዕዘን ውኃ ማፍሰስ ጀመረ። በዚያው ቀን ለባለቤቱ ነገርኋቸው። ነሐሴ 1 ቀን፤ ማለት በ19ኛው ቀን፤ ሠራተኛ አምጥተው ሁለት ቆርቆሮ አስለወጡ፤ ምስማሩንም በላስቲክ አስመቱት። ዋጋውን ራሳቸው ከፈሉ፤ ከእኔ ምንም አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ በ2016 ዓ.ም. ክረምትና በ2017 ዓ.ም. በልግ አላፈሰሰም። በግቢው ውስጥም በነበርሁባቸው ሁለት ክረምቶች ጎርፍ አልገባም። ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ግን እኔ ምስክር አይደለሁም፤ በሰፈሩ ለረዥም ዘመን የኖሩ ሽማግሌዎች ይጠየቁ።

3ኛ፤ ስለ ውኃው። የቧንቧ ውኃ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። በግቢው ውስጥ 2,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ አለ፤ በፓምፕ ይሞላል። የግቢው ሰው የባለቤቱን ቤተ ሰብ ጨምሮ 16 ነበርን። አንድ ጊዜ የሞላው ሮቶ ለሦስት ቀን ይበቃናል፤ ይህም ለአንድ ሰው በቀን ወደ 40 ሊትር ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በግንቦትና በሰኔ ሁለት ጊዜ ውኃው ለስምንት ስምንት ቀን ቀርቶ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን በ10 ብር ገዝተናል። ውኃው ጨው አዘል ስለ ሆነ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል፤ ሳሙናም ቶሎ አረፋ አያወጣም። ለውኃ ከኪራዩ ሌላ የተጠየቅነው ሒሳብ የለም።

4ኛ፤ ስለ መብራቱ። ለግቢው ሁሉ ያለው ቆጣሪ አንድ ነው፤ ለየቤቱ የተለየ ቆጣሪ የለም። ሦስታችን ተከራዮች እያንዳንዳችን በወር 250 ብር፤ በጠቅላላው 750 ብር እንከፍላለን። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. የስድስቱን ወር ደረሰኝ ባለቤቱን ለምኜ አይቻለሁ፤ ከ610 ብር እስከ 940 ብር ሲሆን የስድስቱ ወር ድምር 4,580 ብር ነበረ። እኛ በስድስቱ ወር የከፈልነው 4,500 ብር ነው። ስለዚህ ለባለቤቱ ቤት የደረሰው 80 ብር ነው። ይህን ጽሑፍ ለባለቤቱ ባነበብሁላቸው ጊዜ የመለሱልኝ መልስ፤ የውኃው ፓምፕ የሚሠራው በዚሁ ቆጣሪ መሆኑንና የግቢውን የውኃ ሒሳብ ደግሞ እርሳቸው ብቻቸውን እንደሚከፍሉ ነው። የውኃውን ደረሰኝ አላየሁም።

5ኛ፤ ስለ ኪራዩ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ስገባ በወር 4,500 ብር ነበረ፤ የሦስት ወርም ቅድሚያ 13,500 ብር ከፍያለሁ። ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 5,000 ብር ሆነ፤ ጭማሪውንም ከሁለት ወር አስቀድመው ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ እስክለቅ ድረስ አልጨመሩም። በመጀመሪያው ዓመት በእጅ ስከፍል ደረሰኝ አይሰጡኝም ነበር፤ ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን በባንክ እንድከፍል ተስማምተው በባንክ ከፍያለሁ።

6ኛ፤ ስለ ባለቤቱ ሥራ። የሚኖሩት በግቢው በስተፊት ባለው ቤት ነው። በ34ቱ ወር ውስጥ ሳያስታውቁኝ ወደ ቤቴ የገቡበት ጊዜ የለም። የውጭው በር ማታ በ4 ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ሰው ያስከፍታል እንጂ ቁልፍ አይሰጠውም። እንግዳ እንዳይመጣብኝ ከልክለውኝ አያውቁም። ስለቅ አንድ የተሰነጠቀ የመስኮት መስታወትና የግድግዳውን የምስማር ቀዳዳ ጠቅሰው 1,500 ብር ጠየቁኝ። መስታወቱ ስገባ ተሰንጥቆ እንደ ነበረ ሁለታችን የፈረምንበት ወረቀት ስለ ነበረኝ አሳየኋቸው፤ ስለ ግድግዳው ቀለም 600 ብር ከፍዬ በዚያው ቀን ተስማማን።

7ኛ፤ ስለ ሰፈሩ ድምፅ። የባጃጅና የጭነት ድምፅ ከማለዳው 1 ሰዓት ጀምሮ ይሰማል። በቀትር ሱቆች በሚዘጉበት ሰዓት ጸጥ ይላል፤ ወደ ማታም እስከ 3 ሰዓት ድረስ እንደ ገና ይሰማል። ከዚያ በኋላ መተኛት ይቻላል።

ይህን የጻፍሁት በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በኋላ ስለሚሆነው ነገር አይመለከተኝም።»

እነሆ ምስክርነቱ ይህ ነው። አሁን ለምን በዚህ ዓይነት እንደ ተጻፈ አንዳንዱን ልግለጥ።

አስቀድሞ፤ በጽሑፉ ውስጥ «ክፉ» ወይም «ደግ» የሚል ቃል እንደሌለ አንባቢው ሳያስተውለው አይቀርም። ጣራው በ19 ቀን እንደ ተሠራ ብጽፍ አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። ለአንዱ 19 ቀን በክረምት መካከል እጅግ የረዘመ ነው፤ ለሌላው ደግሞ ባለቤቱ ዋጋውን ራሳቸው መክፈላቸውና ሥራው የጸና መሆኑ ይበልጥበታል። እኔ «ቸልተኛ ናቸው» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ የፍርዱን ሥልጣን ከአንባቢው ወስጄ በራሴ ላይ ባኖርሁት ነበር። ደግሞም ቀኑ የተነገረበት ቀንና የተሠራበት ቀን ሁለቱም እንዲጻፉ ያስፈልጋል። «ብዙ ቀን ቆየ» የሚል ቃል በተናደደ ሰው አፍ ሳምንት ሲሆን፤ በታጋሽ ሰው አፍ ሁለት ወር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ቤቱን ከባለቤቱ መለየት ነው። የመኝታው ክፍል መሞቅ የቤቱ አሠራር ነው፤ ባለቤቱ ቢለወጡም ኮርኒስ እስካልተሠራ ድረስ አይለወጥም። የውኃው መጥፋትና መወፈር የከተማው ነገር ነው፤ ሌላ ቤት ቢከራዩም ሊያገኛቸው ይችላል፤ የሚለየው የሮቶው ትልቅነትና የተጠቃሚው ሰው ቍጥር ነው። የመብራቱ ሒሳብ አከፋፈል ግን የባለቤቱ ውሳኔ ነው፤ በንግግር ሊለወጥ ይችላል። ሦስቱን ሳይለዩ «ቤቱ ይሞቃል፤ ውኃ የለም፤ መብራት ውድ ነው» ብሎ በአንድ ላይ ማማረር ሁሉንም በባለቤቱ ራስ ላይ መጫን ነው። የሚገባውም ሰው የትኛውን ተቀብሎ የትኛውን እንደሚነጋገርበት አያውቅም።

በተለይ የአንድ ቆጣሪ ነገር ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የመብራት ዋጋ በአገራችን እንደ ፍጆታው መጠን በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በወር ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት የሚያቃጥል ቤት በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍላል፤ ብዙ የሚያቃጥል በከፍተኛው ይከፍላል። አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው የሚያየው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ብቻውን ቢሆን በዝቅተኛው ደረጃ የሚከፍለው፤ በአንድነት ሲሆን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይገባል። ይህ ባለቤቱ ያደረጉት በደል አይደለም፤ የአከፋፈሉ ሥርዓት የሚያመጣው ነው። ተከራዮች በየቤታቸው ንዑስ ቆጣሪ ቢያስገቡ የደረጃውን ነገር አያስቀርላቸውም፤ ማን ስንት እንዳቃጠለ ግን ይገልጥላቸዋል፤ ጠብ የሚነሣውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ቤትና አንድ አምፖል ብቻ ያለው ቤት እኩል 250 ብር ሲከፍሉ አምፖል ያለው ያዝናል። ስለዚህ የለቀቀ ተከራይ «መብራት ውድ ነው» ከማለት ይልቅ ቆጣሪው ስንት ቤት እንደሚያገለግል፤ ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፈል፤ ደረሰኙን ማየት ይቻል እንደ ሆነ ሦስቱን ቢናገር ይበቃዋል።

ሦስተኛው ነገር ምስክሩ የማያውቀውን ነገር ወሰን መንገሩ ነው። ስለ ጎርፍ በጻፍሁት ላይ ይህ ይታያል። በድሬዳዋ በሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ የሚሞላውም በከተማው ላይ በሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ከደጋው በሚዘንበው ነው። ስለዚህ ለሁለት ክረምት ጎርፍ አለማየት ለሦስተኛው ዋስትና አይሆንም። «እኔ በኖርሁባቸው ሁለት ክረምቶች አልገባም» የሚለው እውነት ነው፤ «ጎርፍ አይነካውም» የሚለው ግን ምስክሩ ከሚያውቀው በላይ ነው። ከወንዙ ዳር ባሉ ሰፈሮች ቤት የሚፈልግ ሰው ከተከራይ ይልቅ በ1998 ዓ.ም. በሰፈሩ የነበረውን ሰው ጠይቆ ውኃው በዚያን ጊዜ እስከ የት እንደ ደረሰ በግድግዳው ላይ ቢያስጠቁም ይሻለዋል።

አራተኛው ነገር የባለቤቱ መልስ ነው። ጽሑፉን ለወጣቱ ከመስጠቴ በፊት ለባለቤቱ አነበብሁላቸው። በመጀመሪያ ፊታቸው ጠቈረ፤ ስለ ጣራው የጻፍሁትን ሲሰሙ ግን «ዋጋውን እኔ እንደ ከፈልሁ መጻፍህ ደግ ነው» አሉ። ስለ መብራቱ ሲሰሙ የፓምፑን ነገር አነሡ። ፓምፑ በዚያ ቆጣሪ መሥራቱን በዓይኔ ስለማውቅ መልሳቸውን በቃላቸው ጨመርሁበት። የውኃውን ደረሰኝ ግን ስላላሳዩኝ እንዳላየሁት ጻፍሁ። ማንም ቢሆን ስለ ሌላ ሰው ሲጽፍ ያን ሰው አስቀድሞ ቢያሰማው፤ ውሸት ቢኖርበት ይታረማል፤ እውነት ቢሆንም መልሱ ይጨመርበታል፤ ከኋላ በድብቅ የተነገረም አይሆንም።

ይህ ሁሉ ስለ ጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ስለ ሕግም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰውን ስም የሚያጠፋ ቃል የተናገረ ሰው በኀላፊነት እንዲጠየቅ ያዝዛል። የተናገረው ነገር እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው ግን፤ ሌላውን ለመጉዳት ብቻ አስቦ ካልተናገረው በቀር፤ ኀላፊ አይሆንም። ስለዚህ በምስክርነት ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ በደረሰኝ፤ በባንክ ወረቀት፤ በፊርማ ወይም በሌላ ምስክር ሊረጋገጥ የሚችል ቢሆን ለጸሐፊው መጠጊያ ነው። «19 ቀን ቆየ» የሚለው ሊረጋገጥ ይችላል፤ «ጨካኝ ናቸው» የሚለው ግን በምን ይረጋገጣል? ሰውን ለመጉዳት ብቻ የተጻፈ እንዳይመስልም ለሚጠይቅ ሰው ብቻ መስጠት እንጂ በገበያ መካከል መዝራት አይገባም።

ደግሞ ምስክርነቱን የሚቀበለው ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የኪራይ ሕግ ተለውጦ እንደ ሆነ ነው። እኔ በ2015 ዓ.ም. የሦስት ወር ቅድሚያ ከፍዬ ገብቻለሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ግን ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይከለክላል። የኪራዩ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፤ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፤ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዝዛል። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ የሚገባ ሰው የእኔን ምስክርነት አይቶ «የቀድሞው ተከራይ ሦስት ወር ከፍሏል» ተብሎ ሦስት ወር ቢጠየቅ፤ ያ የቀድሞ ነገር መሆኑን ማወቅ አለበት። የጽሑፉ ቀን በመጨረሻ የተጻፈውም ስለዚህ ነው። ቀን የሌለው ምስክርነት የትኛው ነገር ዛሬም እንዳለ፤ የትኛው እንዳለፈ አያስታውቅም።

በመጨረሻ ስለ መውጫው ቀን ክርክር ጥቂት ልናገር። ባለቤቱ ስለ መስታወቱ ሲጠይቁኝ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያለቀው ስገባ በጻፍናት አንዲት ወረቀት ምክንያት ነው። ወረቀቷ ረዥም አልነበረችም። የበሩን ቁልፍ ቍጥር፤ የመስታወቶቹን ይዞታ፤ የአምፖል መያዣዎቹን ብዛት፤ የግድግዳውን ቀለም ሁኔታ፤ የቧንቧውን መክፈቻ የያዘች ዐሥር መስመር ነበረች፤ ሁለታችን ፈርመንበት አንድ አንድ ቅጅ ወሰድን። እንዲህ ያለች ወረቀት ባትኖር ኖሮ መስታወቱ መቼ እንደ ተሰነጠቀ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም ነበር፤ እኔም «ግፍ ሠሩብኝ» እያልሁ፤ እርሳቸውም «ንብረቴን አጠፋብኝ» እያሉ እንለያይ ነበር። የምስክርነቱም ስድስተኛ አንቀጽ ቂም የተሞላ በሆነ ነበር። ስለዚህ ለመውጫው ቀን የሚሆን ምስክርነት የሚጀመረው በመግቢያው ቀን ነው።

ወጣቱ ሠራተኛ ጽሑፉን ከባለቤቱ ጋራ ሆኖ አነበበው። ወይዘሮዋም አስቀድማ የጠየቀችው ስለ መኝታው ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከቀኑ በ9 ሰዓት ሄደው በዚያ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ወደ ቤቱ ባለቤት ቀርበውም ሁለት ነገር ለመኑ፤ አንደኛው ለመኝታው ክፍል ኮርኒስ እንዲሠራ፤ ሁለተኛው ለየቤቱ ንዑስ ቆጣሪ እንዲገባ። ባለቤቱም ኮርኒሱን ለመሥራት እሺ አሉ። ስለ ቆጣሪው ግን የፓምፑን ፍጆታ አራቱም ቤት እኩል እንዲካፈሉት፤ የቆጣሪውንም ዋጋ ተከራዮቹ እንዲችሉ ጠየቁ፤ በዚህም ተስማሙ። ስለ ውኃውና ስለ ድምፁ የሚደረግ ነገር ስላልነበረ ባለ 200 ሊትር በርሜል ገዝተው ገቡ። ውሉም በጽሑፍ ሆነ፤ ስለ ኮርኒሱና ስለ ቆጣሪው የተስማሙበትም በውሉ ውስጥ ተጻፈ።